ሻንጣዬን ይዤ ቤት ለቤት፦ የደብረ ማርቆስ የሥራ ማስታወሻ

ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ሐሙስ

አራት ዓመት የሰው ወንበር ላይ ፀጉር ሠራሁ፤ ከምሠራው ገንዘብ ግማሹ ለፀጉር ቤቱ ባለቤት ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ሻንጣዬን ይዤ ሰው ቤት እየሄድኩ ነው የምሠራው። እያንዳንዱን ቀን እጽፋለሁ ብዬ ይህን ደብተር ገዝቻለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ደንበኞቼ እናትና ሁለት ሴት ልጆቿ ናቸው። ነገ ኅዳር ሚካኤል ስለሆነ ሦስቱም ሹሩባ ፈለጉ። ዋጋ ስባል አፌ ላይ የመጣው የፀጉር ቤቱ ዋጋ ነው፤ ለአንድ ሰው 300 ብር። ከቤት የወጣሁት 3 ሰዓት ላይ ነው። ባጃጅ ጠብቄ፣ ሰፈሩን እየጠየቅኩ፣ 3፡40 ደረስኩ። እናትየዋ ቡና አፍልተው ጠበቁኝ፤ አክብሮታቸው ደስ ብሎኛል፤ ነገር ግን የአንዳቸውም ፀጉር አልታጠበም። የትልቋ ልጅ ፀጉር ላይማ ቅቤው ገና ትኩስ ነው። ውሃ እስኪሞቅና ሁለት ጊዜ በሳሙና እስኪታጠብ 40 ደቂቃ ሄደ። ሥራው ራሱ አራት ሰዓት ወሰደ። ቤቴ ስገባ ልክ 9 ሰዓት ነው።

900 ብር ይዤ ገባሁ። ደስ ብሎኝ ለእህቴ አሳየኋት።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ዛሬ ቁጭ ብዬ አሰብኩት፤ ደስታዬም ቀነሰ።

ከ900 ብሩ ውስጥ 200 የባጃጅ ነው፤ መሄጃ 100፣ መመለሻ 100። ለክር፣ ለቅባትና ለሻምፖ ወደ 90 ብር ወጥቷል። የቀረልኝ 610 ነው። ከቤት ወጥቼ እስክገባ ስድስት ሰዓት ስለፈጀብኝ፣ በሰዓት 100 ብር ከምናምን ይመጣል። ፀጉር ቤት ሆኜ እነዚያኑ ሦስት ሰዎች ብሠራ ኖሮ ግማሹ 450 ብር ነበር፤ የሚፈጅብኝም አራት ሰዓት ብቻ። በሰዓት 112 ብር ማለት ነው። ግማሹን ለባለቤቷ እየሰጠሁ ከማገኘው ያነሰ አገኘሁ ማለት ነው። ሻንጣ ተሸክሜ፣ ዳገት ወጥቼ።

መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ በእያንዳንዱ ሰው ላይ 100 ብር መጨመር ነበር። ይሁንና ሒሳቤን በቅጡ ሳየው ጥፋቱ ሌላ ነው። ባጃጁን ከኪሴ ከፈልኩ፤ ለእጥበቱ 40 ደቂቃም የከፈለኝ የለም። ሦስቱ ሴቶች እነሱ ራሳቸው ፀጉር ቤት ቢመጡ ኖሮ 900 ብር ለሥራው፣ 200 ለባጃጅ፣ በድምሩ 1,100 ያወጡ ነበር። እኔም 1,100 ብቀበልና ፀጉራቸው ታጥቦ ቢጠብቀኝ፣ ከወጪ ቀሪው 810 ብር፣ ሰዓቱም 5፡20 ይሆናል። በሰዓት 150 ብር ገደማ። እነሱ አንድ ብር አልተጨመረባቸውም፤ እኔ ደግሞ ከፀጉር ቤቱ አልፌያለሁ።

አንድ ሰው ብቻ ስትጠራኝ ግን ይህ አይሠራም። መንገዱ ያው 1፡20 ነው፤ ሹሩባው 1፡20። ከ300 እና ከ200 ብሩ የባጃጁንና የዕቃውን 230 ሳነሳ የሚቀረኝ 270 ብር፣ ለ2፡40 ሥራ። ተመልሼ በሰዓት 100 ብር ላይ ወረድኩ። 150ውን ለማግኘት አንዲቷን ሴት 630 ብር መጠየቅ አለብኝ።

ስለዚህ ዋጋውን የሚወስነው ከርቀቱ ይልቅ እዚያ ቤት የምሠራቸው ሰዎች ብዛት ነው። መንገዱ ለአንድም ለአራትም አንድ ነው። ደብተሬ መጀመሪያ ገጽ ላይ እንዲህ ጻፍኩ፦ ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ የፀጉር ቤት ዋጋ ከነደርሶ መልስ ባጃጅ፤ አንዲት ብቻ ከሆነች 630፤ ሁለት ከሆኑ መሃሉን። ጎረቤቷን ጨምራ ከጠራች ሁለቱም ይጠቀማሉ፤ ይህንን በስልክ እነግራታለሁ። ፀጉር ታጥቦ፣ ቅቤው ለቆ ካልጠበቀኝ ማጠቢያ 80 ብር።

አክስቴ ይህን ስትሰማ፣ «ታዲያ ለእጅሽ ነው ወይስ ለእግርሽ የምታስከፍይን?» አለችኝ። ለሁለቱም ነው አልኳት። መንገድ ላይ ሆኜ የሌላ ሰው ፀጉር መሥራት ስለማልችል ያም የሥራ ሰዓት ነው።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

የዛሬው ጉዳይ መብራት ነው። አንዲት ደንበኛ ፀጉሯ በፎን ደርቆ በፔስትራ እንዲተኛላት ፈለገች። ፎኑን ሰካሁ፤ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ብሬከሩ ወደቀ፣ ቤቱ ጨለመ። አነሱት፣ ደግሞ ወደቀ። ጓዳ ገብቼ ሳይ የኤሌክትሪክ ምጣድ ተጥዶ እንጀራ እየተጋገረ ነው።

ነገሩ ቀላል ሒሳብ ነው። የእኔ ፎን ጀርባው ላይ 1,800 ዋት ይላል። ምጣዱ 3,500 አካባቢ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 5,300፤ ለ220 ቮልት ሲካፈል 24 አምፔር። የቤቱ ብሬከር 16 ነው። ምጣዱ ብቻውን ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው የእኔ ፎን ይጨመርበታል። ፔስትራው 50 ዋት እንኳ ስለማይደርስ ከምጣድ ጋር ያለ ችግር ይሠራል።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ዲቫይደሩ ነበር። የቤቱ ዲቫይደር ገመድ ቀጭን ነው፤ ፎኑ ላይ እያለ በእጄ ስነካው ሞቋል። ሶኬቱ ጋ የሚቃጠል ፕላስቲክ ሽታ ስለመጣ ነቀልኩት። ዛሬ ማታ ወፍራም ገመድ ያለው፣ 16 አምፔር የተጻፈበት፣ አምስት ሜትር የሆነ የራሴን ገዛሁ። ክብደቱ አንድ ኪሎ ሊሆን ምንም አይቀረው፤ ቢሆንም የሰው ቤት ከማቃጠል ይሻላል። ከእንግዲህ ስደርስ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ምጣድ የሚነሳው ስንት ሰዓት ነው?» የሚል ነው።

ክብደቱን ለማካካስ ካስኩን ከሻንጣው አወጣሁት። ለባጃጅ አይመችም፣ መብራት ከጠፋም ጥቅም የለውም። በምትኩ 40 የስፖንጅ ቢጎዲን አስገባሁ፤ ሁሉም ተደምሮ ከአንድ ጫማ አይከብድም። ሻንጣው ከ14 ኪሎ ወደ 9 ወረደ።

ማበጠሪያና መቀስ የማጸዳበትን ነገርም አስተካክያለሁ። ሰው ቤት ውሃ አፍልቶ መንከር ይበቃል የሚል ልማድ ነበረኝ። እኛ ያለንበት ከፍታ ላይ ግን ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ፈላ ተብሎ ብቻ ቶሎ መውጣት የለበትም። አሁን በረኪና እይዛለሁ፦ አንድ እጅ 5 በመቶ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ፣ በሳሙና የታጠበው ዕቃ 10 ደቂቃ ተነክሮ በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል። መቀስ ከዚያ በላይ ከቆየ ይዝጋል።

ታኅሣሥ 9፣ ሐሙስ

እጄ አሁንም እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው፤ ግን ሳልረሳው ልጻፍ።

ትናንት አንድ ሰው ደወለ። «ለእህቴ ነው፣ ከአዲስ አበባ እንግዳ ሆና መጥታ መውጣት አልቻለችም» አለ። ድምፁ ጨዋ ነው። ዋጋ ስነግረው ሳይከራከር «እሺ» አለ። ያ ራሱ ሊነግረኝ ይገባ ነበር። ሴት ደንበኛ ቢያንስ «ኸረ ትንሽ ቀንሽ እንጅ» ትላለች፤ ፀጉሯ ረጅም መሆኑን፣ ምን ዓይነት ሹሩባ እንደምትፈልግ ትናገራለች። እሱ ስለ ፀጉሩ ምንም አላለም።

10 ሰዓት ላይ ደረስኩ። ባጃጁን ከፍዬ አሰናበትኩ። ሰውየው በሩን ከፍቶ «ግቢ፣ ግቢ፣ ውስጥ ናት» አለኝ። አንድ እግሬን ካስገባሁ በኋላ በረንዳውን አየሁት። ሁለት ጥንድ የወንድ ጫማ አለ፤ የሴት ጫማ የለም። የሴት ድምፅም፣ የሴት ልብስ የተሰጣበት ገመድም የለም። «እህትዎን ይጥሩልኝ፣ ፀጉሯን ልይና የሚበቃውን ክር ላምጣ» አልኩት። «ተኝታለች፣ መጀመሪያ ግቢ» አለ፤ እጁ ደግሞ መቀርቀሪያው ላይ ነው። እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ «ወይኔ! ማበጠሪያዬን ባጃጅ ውስጥ ረሳሁት!» ብዬ ወጣሁ። ሻንጣዬን አንጠልጥዬ እስከ አስፋልቱ ሮጥኩ።

ምንም አላደረገኝም። ምናልባትም እህት ኖራው ይሆናል። ብትኖረውም እኔ አልገባም ነበር፤ ይህን ውሳኔዬን ማንም ይቅርታ ሊያስጠይቀኝ አይገባም።

ማታ ከእህቴ ጋር ተቀምጠን አዲስ ሥርዓት አወጣን። ቀጠሮ የምይዘው ፀጉሯ የሚሠራው ሴት ራሷ በስልክ ስታናግረኝ ብቻ ነው፤ ወንድም ይሁን ባል ቢደውል «እሷን አገናኙኝ» እላለሁ። ከአንድ የሰፈራችን ባጃጅ ነጂ ጋር ተነጋግረናል፤ ከልጅነታችን የምናውቀው ነው። ሴትየዋ በር ላይ ወጥታ በዓይኔ እስካያት ድረስ ንቅንቅ አይልም። ለዚያ ጥበቃ 20 ብር እጨምርለታለሁ። እህቴ የቤቱን ምልክትና የደንበኛዋን ስልክ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች፤ ከገባሁ ከግማሽ ሰዓት በኋላም ትደውላለች። «ሥራ ላይ ነኝ» ካልኳት ደህና ነኝ ማለት ነው። «ጥቁሩን ክር ፈልጊልኝ» ካልኳት ግን ባጃጅ ነጂውንና አጎታችንን ይዛ ትመጣለች። ከሰው ፊት ሊባል የሚችል፣ ማንም የማይጠረጥረው ቃል ነው።

ከ11 ሰዓት በኋላ የሚጀመር ሥራም አልቀበልም።

ጥር 2፣ ቅዳሜ

ገና አለፈ፣ የሠርግ ስልክ ተጀመረ። ከአማኑኤል ከተማ አንዲት ሙሽራ ራሷ ደወለች። ሠርጓ ጥር 17 እሑድ ነው፤ እሷና አራት ሴት ሚዜዎቿ፣ ፀጉርና ሜካፕ። ሙሽራው የሚመጣው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው።

እዚህ ላይ ነው ያለፉት ሳምንታት ትምህርት ሁሉ አንድ ላይ የገጠመው። አምስት ሰው ለመሥራት ከሌሊቱ 10 ሰዓት መጀመር አለብኝ። ከማርቆስ ተነስቼ ለዚያ ሰዓት መድረስ ማለት በውድቅት ሌሊት መንገድ ላይ መሆን ነው። ያንን በምንም ገንዘብ አላደርገውም፤ ደግሞም በዚያ ሰዓት መኪና የለም። ስለዚህ ቅዳሜ በጊዜ ሄጄ ከሚዜዎቹ ጋር እንደማድር ነገርኳት። እናቷ ስልኩን ተቀብለው «ልጄ፣ ከእኔ አልጋ ጎን ነው የምታድሪው» አሉኝ። በዚህ ተስማማን።

ዋጋውን እንዲህ አሰላሁት። መንገድ ደርሶ መልስ ሦስት ሰዓት ተኩል በ150 ሒሳብ 525 ብር። ሥራ ስምንት ሰዓት ነው፤ የሙሽራ ሥራ በሰዓት 300 ስለማስከፍል 2,400። ውጭ ማደሪያ 500። መኪና 300። ሜካፕና የፀጉር ዕቃ 700። ድምሩ 4,425፤ 4,500 አልኳት። ግማሹን ቀብድ በቴሌብር ላከች። ቀብዱ ቀኑን ለእሷ ብቻ ለመያዜ ነው፤ ሠርጉ ሳምንት ወይም ከዚያ ያነሰ ሲቀረው ከተሰረዘ አልመልሰውም፤ እኔ ካልሄድኩ ሙሉውን እመልሳለሁ። መንገድ ከተዘጋ የማንም ጥፋት ስላልሆነ እመልሳለሁ፤ ይህንን ሳትጠይቀኝ ነገርኳት።

ጥር 16፣ ቅዳሜ ማታ፣ አማኑኤል

ጠዋት መናኸሪያ ሄጄ ሾፌሮቹን መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠየቅኩ። ከዚያ ሃይሩፍ እስኪሞላ ጠብቄ 7 ሰዓት ተነሳን፤ 8፡30 ሙሽራዋ ቤት ገባሁ። እህቴ ደወለች፤ «ሥራ ላይ ነኝ» አልኳት።

በጊዜ መምጣቴ ደኅንነቴን ብቻ አልጠቀመም። ሌሊት በአምፖል ብርሃን ፋውንዴሽን መምረጥ አይቻልም። ቢጫ አምፖል የፊትን ቀለም ስለሚለውጠው ምርጫው ይሳሳታል፤ ሙሽራዋ ፀሐይ ላይ ስትወጣ ፊቷ ከአንገቷ ይለያል። ዛሬ ግን 9 ሰዓት ላይ በረንዳ ላይ አስቀምጬ መንጋጋዋ ላይ ሦስት ዓይነት ቀለም በቀጭን መስመር ቀባሁ፤ 15 ደቂቃ ጠበቅን። ፋውንዴሽን ቆዳ ላይ ቆይቶ ትንሽ ስለሚጠቁር ወዲያው ማየት ያሳስታል። መሃለኛው ከቆዳዋ ጋር ተመሳስሎ ጠፋ፤ መስመሩን መፈለግ ነበረብን። እሱን በእስክርቢቶ ምልክት አድርጌ አስቀመጥኩ።

ፀጉሯ ቅቤ አለበት። አያቷ ጠዋት ቀብተዋታል፤ ምርቃት ስለሆነ ማንም ሊከለክላቸው አልቻለም፣ እኔም አልከፋኝም። ቅቤ ያለበት ፀጉር ላይ ፔስትራ ከዋለ ግን ይጨሳል፣ ፀጉሩም ያራል። ሁለቴ አጥቤ፣ ንጹሕ መሆኑን በነጭ ሶፍት አንድ ዘለላ ጨምቄ አየሁ፤ ሶፍቱ ላይ ቅባት ታየ፤ ስለዚህ ሦስተኛ አጠብኩ።

ጓዳ ሁለት ምጣድ ነው ያለው። እናትየዋን «እትዬ፣ ምጣዱ ለግማሽ ሰዓት ይረፍልኝ» አልኳቸው፤ ጋጋሪዎቹ ቡና ሲጠጡ ፎኑን ሠራሁበት። ሙሉ በሙሉ አላደረቅኩትም፤ ትንሽ እርጥበት ሲቀረው በቢጎዲን ጠቀለልኩት። በደንብ የራሰ ወፍራም ፀጉር በዚህ ብርድ ሲያድር አይደርቅም፤ ጠዋት ሲፈታ ይበተናል። አንዲት ሚዜ «ከሰል ክፍል ውስጥ ይግባና ይድረቅ» አለች፤ አይሆንም አልኩ። በር ተዘግቶ ከሰል ባለበት አምስት ሴት አይተኛም።

ጥር 17፣ እሑድ

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ስነሳ መብራት የለም። ቤቱ ውስጥ መረበሽ ሆነ። እኔ ግን የሚያስፈልገኝ መብራት በእጄ ነው፦ ቀን ቻርጅ ያደረግኩት ክብ መብራትና ፓወር ባንክ። ቀለሙ ትናንት ስለተመረጠ መጠራጠር የለም። ቢጎዲኑን ስፈታው ፀጉሩ ደርቆ፣ ጥቅልሉ ጠብቆ ወረደ። ሁለት ሚዜዎች ፔስትራ አስበው ነበር፤ በሹሩባ ተስማሙ። ሊነጋጋ ሲል ሙሽራዋን በረንዳ አውጥቼ መስታወት ሰጠኋት፤ አንገቷና ፊቷ አንድ ነው። አያቷ መጥተው አገጯን ይዘው ወዲያ ወዲህ አዞሯት፤ «አሁንም የኔው ልጅ ናት» አሉ። ከተከፈለኝ ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል።

3 ሰዓት ላይ ጨረስኩ፤ ቀሪው 2,250 ተከፈለኝ። 5 ሰዓት ቤቴ ነበርኩ።

ጥር 19፣ ማክሰኞ

ከሒሳቡ የወጣው ስህተት አንድ ነው፤ ሦስተኛው እጥበትና ምጣድ ጥበቃው አንድ ሰዓት ወስዷል፤ ከዕቅዴ ውጭ ነው። ለሠርግ ቤት ከእንግዲህ ሥራውን ዘጠኝ ሰዓት ብዬ 4,800 እጠይቃለሁ። የማደሪያውን 500 ግን ከፍ አላደርገውም፤ እናትየዋ አልጋቸውን ለቀውልኛል።

የካቲት 8፣ እሑድ

ዛሬ ቅበላ ነው፣ ነገ ዓቢይ ጾም ይገባል፤ ሠርግ እስከ ፋሲካ የለም። በጥር ስድስት ሠርግ ሠራሁ፤ አንዱን መንገዱ አላስተማምን ብሎኝ ቀብዱን መልሼ ቀረሁ። ሙሽራዋ ተከፍታለች። ለሚያዝያ ታናሽ እህቷን በነበረው ዋጋ እሠራላታለሁ ብያለሁ፤ 4,800ው እሷን አይመለከትም።

የሻንጣው ዚፕ ተቀዷል፤ ነገ ጠዋት ገበያ ጫማ ሰፊው ጋ ወስጄ አሰፋዋለሁ። የክብ መብራቱ ባትሪም አሁን ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ አይቆይም፤ እስከ ሚያዝያ ሁለተኛ መግዛት አለብኝ።